በቅሎዋ ለምን ተወደደች? የጌም ገንዘብ ሲረክስ የምንለካበትና የምናፈስበት መንገድ

ጌማችን በተከፈተ በሦስተኛው ወር፣ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አንድ ተጫዋቻችን መጣና «ወንድሜ፣ በቅሎ እኮ ሰማይ ነካች!» አለኝ። አጠገባችን የተቀመጡ አባት ዞር ብለው «የት? ቅዳሜ ገበያ?» ሲሉ ጠየቁት። ስልክ ውስጥ ያለች በቅሎ መሆኗን ለማስረዳት ብዙ ደከምን። «ታዲያ መኖ ካልበላች ለምን ተወደደች?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ጌሙ ትንሽ ነው። ተጫዋቹ የድሮ የጎንደር ነጋዴ ይሆናል። ጨው፣ ቡናና ዝባድ በበቅሎ ጭኖ ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሽፍታ ይገጥመዋል፣ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፍላል። ገንዘቡ ጠገራ ነው። በቀን 300 ያህል ሰው ይጫወተዋል። የሠራነው ሦስት ነን፤ አንዳችንም ኢኮኖሚክስ አልተማርንም። በቅሎዋ መጀመሪያ 800 ጠገራ ነበረች፣ ያን ቀን 3,600 ገብታለች።

እንዴት እንደለካነውና እንዴት እንዳስታገስነው በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቁጥሮቹን ለንባብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

1. የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና የሚዘዋወረውን ለዩ

ግቢ ውስጥ ያለ ሮቶ አስቡ። ከላይ ቧንቧ ይሞላዋል፣ ከታች ማፍሰሻ ያጎድለዋል። በጌም ውስጥ ገንዘብ የሚወለደው ኮምፒውተሩ ለተጫዋች ሲከፍል ነው። በእኛ ጌም ዕቃ የሚገዛው ነጋድራስ ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ለአንድ ጭነት ጨው የሚከፍለው ጠገራ ከማንም ኪስ አልወጣም። እዚያው ተፈጠረ። ይህ ቧንቧ ነው።

ገንዘብ የሚሞተው ደግሞ ተጫዋቹ ለኮምፒውተሩ ሲከፍል ነው። የኬላ ቀረጥ፣ የበቅሎ ገብስ፣ የኮርቻ እድሳት። ይህ ማፍሰሻ ነው።

ሦስተኛው ዝውውር ነው። አንዱ ተጫዋች ለሌላው በቅሎ በ3,600 ሲሸጥ ከጌሙ ምንም አልወጣም። ገንዘቡ ኪስ ቀየረ እንጂ ቁጥሩ ያው ነው። እኛ መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። «ገበያው ደርቷል፣ ሰው ብዙ ያወጣል፣ ስለዚህ ገንዘብ እየወጣ ነው» ብለን ነበር።

ሌላም ስህተት አለ። በቅሎ ገደል ገብታ ብትሞት ከጌሙ የወጣችው በቅሎ ናት። ጠገራው አለ። እንዲያውም በቅሎ አንሶ ገንዘቡ እንዳለ ከቀረ ዋጋው ይጨምራል። ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጌም በጦርነት መርከብ ሲወድም ኢንሹራንስ ለባለቤቱ ይከፍላል፣ ያ ክፍያም አዲስ የተፈጠረ ገንዘብ ነው። መርከብ ይጠፋል፣ ገንዘብ ይወለዳል። ስለዚህ የዕቃን ማፍሰሻና የገንዘብን ማፍሰሻ በተለያየ መዝገብ ያዙ።

በነገራችን ላይ አባቶቻችን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲዘዋወር ይሸራረፋል፣ ይሰበራል፣ ሲቸግርም ወጥ ውስጥ ይገባል። ማፍሰሻው ከገንዘቡ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ጠገራ ብርም ቢሆን እየቀለጠ መስቀልና አምባር ይሆን ነበር። የእኛ ጠገራ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ቁጥር ስለሆነ አይሸራረፍም፣ አይቀልጥም። የሚሞትበትን መንገድ እኛው መሥራት አለብን።

2. እያንዳንዱን ጠገራ መዝግቡ

ተጫዋቹ ስንት እንዳለው ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። ገንዘቡ በተነካ ቁጥር አንድ መስመር ይጻፍ፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን ምክንያት። ገቢው ፖዘቲቭ፣ ወጪው ኔጋቲቭ ይሁን። ከዚያ በየጠዋቱ ዳታቤዙን «ትናንት በእያንዳንዱ ምክንያት ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው፦

```
SELECT reason, SUM(amount)
FROM money_log
WHERE day = CURRENT_DATE - INTERVAL '1' DAY
GROUP BY reason;
```

በተጫዋቾች መካከል የሚደረገው ሽያጭ `trade` በሚል ምክንያት ሁለት መስመር ይጻፋል። ገዢው −3,600፣ ሻጩ +3,600። የገበያ ኮሚሽን ካለ በራሱ ምክንያት ለብቻው ይመዝገብ። እንዲህ ከተደረገ የ`trade` ድምር ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለበት።

ይህችን ዜሮ አትናቋት። አንድ ቀን ዜሮ ካልሆነች የሆነ ሰው ገንዘብ የሚባዛበት ቀዳዳ አግኝቷል ማለት ነው። ዲያብሎ 3 በሚባለው ጌም ላይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የሆነው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ ለሽያጭ የሚቀርበው የወርቅ መጠን ከ1 ሚሊዮን ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ ሲል፣ ሽያጩን የሰረዘ ተጫዋች ካስገባው በላይ ይመለስለት ጀመር። ኩባንያው ገበያውን ዘግቶ የተባዛውን ወርቅ ማሳደድ ነበረበት። የገበያ ድምራችሁ በየሰዓቱ የሚታይ ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይያዛል። ካልታየ ግን ዋጋ ሲንር ከተጫዋቾች ነው የምትሰሙት።

3. አስቤዛ ቁጠሩ

የአንድ ዕቃ ዋጋ ያታልላል። በቅሎ የተወደደችው ገንዘብ በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ በቅሎ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰው ሁልጊዜ የሚገዛቸውን ስምንት ዕቃዎች መረጥንና «አስቤዛ» አልናቸው። ገብስ፣ ቡና፣ ጨው፣ ገመድ፣ ጎራዴ፣ የመሳሰሉት። በየቅዳሜው የእያንዳንዱን የሳምንት ዋጋዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሃል ላይ የሚውለውን መካከለኛ ዋጋ ይዘን እንደምራለን። አማካይ አንወስድም፤ አንድ ተንኮለኛ ገመድ በ100,000 ለጓደኛው ቢሸጥ አማካዩን ያበላሸዋል።

ስምንቱም አንድ ላይ ከወጡ ችግሩ ገንዘቡ ነው። አንዱ ብቻ ከወጣ ችግሩ የዚያ ዕቃ አቅርቦት ነው። የእኛ አስቤዛ በሁለት ወር ውስጥ ከ400 ወደ 1,700 ሄዷል። ስምንቱም ወጥተዋል።

4. ሂሳቡን ፊት ለፊት አስቀምጡ

አሁን የአንድ ቀን መዝገባችንን እንየው። ከሥራ ትዕዛዝ 60,000 ጠገራ ይወለዳል። ነጋድራሱ ለጭነት 90,000 ይከፍላል። ከሽፍታ ምርኮ 30,000 ይገኛል። ድምሩ በቀን 180,000 ነው።

የሚሞተውስ? ገብስ 6,000፣ እድሳት 9,000፣ ኬላ 15,000፣ ከኮምፒውተሩ ቤትና መጋዘን መግዛት 24,000። ድምሩ 54,000 ብቻ።

ልዩነቱ 126,000 ነው። በየቀኑ። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ በጌሙ ውስጥ 2 ሚሊዮን ያህል ጠገራ ነበር። በ60 ቀን 7.5 ሚሊዮን ተጨመረበት። የሚሸጠው ዕቃ ግን ያን ያህል አላደገም። አባት የጠየቁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ቤትና መጋዘን የሚለውን ልብ በሉ። ከማፍሰሻዎቻችን ትልቁ እሱ ነው፣ ግን ሰው ቤት የሚገዛው አንዴ ነው። በመጀመሪያው ወር ጥሩ ይመስላል፣ ሁሉም ከገዛ በኋላ ይደርቃል። አንዴ የሚከፈልን ነገር እንደ ቋሚ ማፍሰሻ መቁጠር ቀስ ብሎ የሚገድል ስህተት ነው።

ግባችሁ ከሚወለደው መቶ በመቶውን መግደል አይደለም። አዲስ ተጫዋች ይመጣል፣ እሱም መነሻ ገንዘብ ይፈልጋል። ጌሙን የተወው ሰውም ገንዘቡን ይዞ ይተኛል። እኛ ከሚወለደው 85 በመቶ አካባቢ እንዲሞት ነው ያለምነው።

5. ከማፍሰሻው በፊት ቧንቧውን እዩ

«ታዲያ ቧንቧውን ለምን አንዘጋውም?» ማለታችሁ አይቀርም። ኡልቲማ ኦንላይን የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት የተሞከረው ወደዚህ የቀረበ ነበር። ሀብቱ ሁሉ የተወሰነ ሆኖ እየዞረ እንዲመለስ ታስቦ ነበር፤ ያለቀው ዕቃ ሲጠፋ ነው አዲሱ የሚወጣው። ተጫዋቹ ግን ዕቃውን አላጠፋም፣ ቤቱ ውስጥ ከመረው። ክምሩ ስለማይነካ አዲስ ሀብት መውጣት አቆመ። በመጨረሻ ዲዛይነሮቹ ሐሳቡን ተዉት።

የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ማን ነው አንድ ጀሪካን ብቻ ሞልቶ የሚተኛ? ያለው ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። እጥረት ያለበት ሰው ያከማቻል፣ ክምችቱም እጥረቱን ያባብሰዋል።

ስለዚህ ቧንቧውን መዝጋት ሳይሆን ራሱን እንዲቆጣጠር ማድረግ ይሻላል። የእኛ ነጋድራስ ችግሩ ስንት ጭነት ቢመጣ በአንድ ዋጋ መግዛቱ ነበር። አንዳንዱ ከጎንደር ሳይርቅ ሌሊቱን ሙሉ ጨው እያመላለሰ ይሸጥለታል። አሁን በአንድ ከተማ 50 ጭነት ጨው ከገዛ በኋላ ዋጋውን በ10 በመቶ ይቀንሳል፣ ሌላ 50 ሲሞላ እንደገና ይቀንሳል። ሌሊቱን መጋዘኑ ሲጎድል ዋጋው ይመለሳል። ሰው ወደ ሩቅ ገበያ መሄድ ጀመረ፣ እኛም የፈለግነው እሱን ነበር። የነጋድራሱ ክፍያ በቀን ከ90,000 ወደ 70,000 ወረደ። ጠቅላላው የሚወለደው 160,000 ሆነ።

የሽፍታውን ምርኮ አልነካንም። ተጫዋች የለመደውን ሽልማት ስትቀንሱበት የተሰረቀ ያህል ነው የሚሰማው። ያንኑ ያህል ገንዘብ በሌላ በር ብታወጡበት ግን ብዙም አያማርርም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን እንደዚያ ነው።

6. ማፍሰሻው እንደ ኪሱ ይሁን

የመጀመሪያው ኬላችን ለአንድ ጉዞ 50 ጠገራ ያስከፍል ነበር። ለሁሉም እኩል። ፍትሐዊ ይመስላል። በቀን 200 የሚያገኝ ጀማሪ ሩቡን እዚያ ይጥላል። 40 በቅሎ የሚነዳው ባለጸጋም 50 ነው የሚከፍለው። ዋጋ ሲንር ደግሞ 50 ጠገራ ራሷ እየረከሰች ትሄዳለች። ኬላው በየወሩ እየደከመ ነበር ማለት ነው።

አሁን ቀረጡ የጭነቱን ዋጋ 6 በመቶ ነው። በቀን ኬላ የሚያልፈው ጭነት 600,000 ጠገራ ያህል ያወጣል፣ ስለዚህ 36,000 ይሞታል። ዋጋ ቢወጣ ቀረጡም አብሮ ይወጣል። ጀማሪው ሁለት ጭነት ይዞ ሲያልፍ ሳንቲም ነው የሚከፍለው።

ገብስም እንዲሁ። በተጫዋች የነበረውን በበቅሎ አደረግነው። የበቅሎ ብዛት ያለው ብዙ ይከፍላል። ከ6,000 ወደ 20,000 ወጣ። በቅሎዎቻችን መኖ መብላት ጀመሩ፤ አባትን ባገኛቸው ደስ ባለኝ።

በተጫዋቾች ገበያ ላይ ደግሞ ከሻጩ 5 በመቶ ኮሚሽን ቆረጥን። በቀን 500,000 የሚያህል ሽያጭ ስላለ 25,000 ይሞታል። ይህ የድሮ ዘዴ ነው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም ተጫዋቾች በሚገበያዩበት ጨረታ ቤቱ 5 በመቶ ይወስዳል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በገበያው ላይ 1 በመቶ ጀመረ፣ ከተሰበሰበው ላይም ከፊሉን ዕቃ ገዝቶ ለማጥፋት ያውለዋል። ልብ በሉ፣ ዕቃ የተገዛበት ወርቅ ተመልሶ ተጫዋች እጅ ይገባል። ያ ክፍል ዕቃ ያጠፋል እንጂ ገንዘብ አያጠፋም።

ኮሚሽኑን ከ5 ወደ 12 በመቶ ለማድረግ ለአንድ ሳምንት ሞክረን ነበር። አታድርጉት። ሰዎች ገበያውን ትተው በቴሌግራም ተዋውለው እጅ በእጅ መሸጥ ጀመሩ። የገበያው ሽያጭ ከግማሽ በላይ ወረደ፣ ኮሚሽኑም አልጨመረም። በዚያ ላይ ተጭበርባሪው በዛ። ከፍ ያለ ቀረጥ ኮንትሮባንድ ይወልዳል። ይህንንም ለመተማ መንገድ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሂሳቡን እንደምር። ኬላ 36,000፣ ኮሚሽን 25,000፣ ገብስ 20,000፣ እድሳት 9,000፣ ቤትና መጋዘን ወደ 15,000 ወርዷል። 105,000። ከ160,000 ገና 55,000 ይተርፋል።

7. ባለጸጎቹን በቁጥር በተወሰነ ዕቃ ሳቡ

የቀረው ገንዘብ የት እንዳለ ስናይ፣ ከጠቅላላው ጠገራ ግማሽ ያህሉ በ15 ሰዎች እጅ ነበር። እነሱ ገብስ አይከብዳቸውም። ቀረጥ አይከብዳቸውም። የሚፈልጉት ሰው ሲያያቸው «ዋው» እንዲል ነው።

አንዱ መንገድ ውድ ዋጋ ለጥፎ መሸጥ ነው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስት ሰው የሚጭን ማሞት በ20,000 ወርቅ አቀረበ፤ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። በ2018 ጨረታ ቤት በጀርባው የተሸከመ ብሮንቶሳውረስ መሰል እንስሳ ሲመጣ ዋጋው 5 ሚሊዮን ነበር። ከ20,000 እስከ 5 ሚሊዮን፣ በአሥር ዓመት። የተለጠፈ ዋጋ በንረት ይበላል፣ በየጊዜው አዲስና የበለጠ ውድ ዕቃ መሥራት ግድ ይላል።

ለትንሽ ቡድን ጨረታ ይሻላል፤ ዋጋውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከገንዘቡ ብዛት ጋር ያስተካክሉታል። ለጥምቀት ሰሞን የብር ዝርግፍ ያለው ኮርቻ ሠራን። 12 ብቻ። ኮርቻው አያፈጥንም፣ ጭነት አይጨምርም። በቅሎዋ ስትረግጥ ዝርግፉ ይጮኻል፣ ሌላው ስልክም ላይ ይሰማል። በቃ። በሳምንት ሦስት እያልን በአራት ሳምንት ሸጥናቸው። ሻጩ ኮምፒውተሩ ስለሆነ የተከፈለው ሁሉ ሞተ። አንዱ በአማካይ 70,000 ወጣ። በሳምንት 210,000፣ በቀን ሲካፈል 30,000 ነው።

አሁን የሚሞተው 135,000፣ የሚወለደው 160,000። 84 በመቶ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮርቻው ጥቅም ቢኖረው ኖሮ፣ ለምሳሌ በቅሎዋን ቢያፈጥን፣ 12ቱ ሰዎች የበለጠ ይነግዱና የበለጠ ገንዘብ ያወልዱ ነበር። ማፍሰሻ ያላችሁት ቧንቧ ይሆናል። ጌጥ ይሁን።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩ የተወሰነና የማይበላሽ ዕቃ ራሱ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ዲያብሎ 2 ላይ ወርቁ ዋጋ ሲያጣ ተጫዋቾች «ስቶን ኦፍ ጆርዳን» በሚባል ቀለበት መገበያየት ጀመሩ። ቀለበቱም በማጭበርበር ተባዛና እሱም ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው አፕዴት 1.10 ቀለበቱን ለኮምፒውተሩ ነጋዴ መሸጥን ትርጉም ሰጠው። በሰርቨሩ ላይ በቂ ቀለበት ሲሸጥ ዲያብሎ የተባለው ጭራቅ ከተለመደው የባሰ ኃይለኛ ሆኖ ይመጣል፣ እሱን የገደለ ልዩ ሽልማት ያገኛል። ሰዎች ቀለበታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ጣሉት። እኛ ኮርቻው እንዳይዛወር አደረግን፤ የገዛው ሰው ብቻ ይጭነዋል። ትንሽ ተንጫጩ፣ ግን ኮርቻ በኮርቻ የሚነግድ አልተፈጠረም።

«12 ብቻ» ካላችሁ ደግሞ 12 ይሁን። በሁለተኛው ወር 13ኛውን ብትሸጡ ለቀጣዩ ጨረታ ማንም 70,000 አያወጣም።

8. ከልክ በላይ ስታፈሱ የሚታየው ምልክት

አስቤዛው መውረድ ከጀመረና ሰው ገንዘቡን ይዞ ከተቀመጠ አብዝታችኋል። ነገ የሚረክስ በቅሎ ዛሬ ማን ይገዛል? ሌላው ምልክት የጀማሪዎች ኪስ ነው። እኛ በየሳምንቱ ከተመዘገቡ ሰባት ቀን የሆናቸውን ተጫዋቾች መካከለኛ ገንዘብ እናያለን። ከሦስት ቀን የበቅሎ ገብስ በታች ከወረደ፣ መጀመሪያ የምንቀንሰው የጀማሪውን ገብስ ነው፣ የባለጸጋውን ቀረጥ አይደለም። ቻት ላይ «ብድር ያለው?» የሚል ሲበዛም ያንኑ ነው የሚናገረው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። እኛ ኬላውንና ኮሚሽኑን በአንድ ቀን ቀይረን የትኛው ምን እንዳደረገ ሳናውቅ ቀርተናል። አሁን የሁለቱን ድምር ውጤት ለማየት የቅዳሜውን አስቤዛ እየጠበቅን ነው። ባለፈው ቅዳሜ 1,640 ነበር፣ ከዚያ በፊት 1,655። በቅሎዋ አሁንም 3,400 ላይ ናት።